«ነጻ» የሚባለው የውጭ ዩኒቨርሲቲና «50 በመቶ ስኮላርሺፕ» ያለው የግሉ፦ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ የቱ ይቀላል?

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን እህቴ ቤት ነበርኩ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ ልጇ ስልኩን ይዞ መጣና «አጎቴ፣ እስኪ ይቺን አንብብልኝ» አለኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ጥሩ ነበር። ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ መማር ይፈልጋል። ስልኩ ላይ ያለው ከአንድ የውጭ አገር የግል ዩኒቨርሲቲ የመጣ የቅበላ ደብዳቤ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ የ50 በመቶ ስኮላርሺፕ አግኝተዋል» ይላል። በ3 ሳምንት ውስጥ 1,000 ዩሮ ካላስገባ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

እህቴና ባሏ መክረው ጨርሰዋል። መሃል ሜዳ ያሉትን በጎች ይሸጣሉ። ካልበቃ ደብረ ብርሃን ያከራዩት ሁለት ክፍል ቤት አለ። «ግማሹን እነሱ ከቻሉልን እኛ ግማሹን እንዴት ያቅተናል?» አለችኝ። በሌላ በኩል ደግሞ የልጁ ጓደኛ «ጀርመን እኮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ የለውም፣ ምን አስጨነቃችሁ» ብሎታል።

ሁለቱም አባባሎች እውነት አለባቸው። ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር አይናገሩም። ስለዚህ የዚያን ቀን ማታ ወረቀት አውጥተን ያሰላነውን እዚህ በዝርዝር ላስቀምጠው። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ሰሞን እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ይዞ እንደሚጨነቅ አውቃለሁ።

የጀርመኑ ለምንድን ነው ክፍያ የሌለው?

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያስተዳድሩትና ገንዘብ የሚመድቡላቸው 16ቱ ክልሎች ናቸው። የተወሰኑ ክልሎች የትምህርት ክፍያ ጀምረው ነበር። አንድ በአንድ እየተዉት መጥተው የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2014 አቆመ። ወጪውን የሚሸፍነው የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። ለውጭ ተማሪም በአብዛኛው ይኸው ይሠራል።

ተማሪው የሚከፍለው በየሴሚስተሩ መዋጮ የሚባል ነገር ነው። እንደ ዩኒቨርሲቲው ከ100 እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ብዙ ቦታ የአውቶቡስና የባቡር ትኬት በውስጡ አለ።

ነገር ግን «ጀርመን ነጻ ነው» ብሎ በጅምላ መውሰድ ልክ አይደለም። ሽቱትጋርትና ካርልስሩኸ ያሉበት ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በሙኒክ ያለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ለእነዚሁ ተማሪዎች በባችለር ደረጃ በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 3,000 ዩሮ መጠየቅ ጀምሯል። ስለዚህ አንድ ልጅ ጀርመን ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ክልል? የትኛው ዩኒቨርሲቲ?» ብሎ ነው።

ክፍያ ከሌለው 2 ሚሊዮን ብር ለምን ይጠየቃል?

እህቴ የደነገጠችው እዚህ ላይ ነው። የጀርመን ኤምባሲ የተማሪ ቪዛ ለመስጠት ልጁ ለአንድ ዓመት የሚኖርበት ገንዘብ እንዳለው ማረጋገጫ ይፈልጋል። ይህ በአብዛኛው የሚደረገው ብሎክድ አካውንት በሚባል የተቆለፈ ሒሳብ ነው። መጠኑ ከ2024 መስከረም ጀምሮ በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ለስሌት ያህል ዩሮን በ170 ብር ብንይዘው 2 ሚሊዮን 23 ሺህ ብር አካባቢ ይሆናል።

ለእህቴ እንዲህ ብዬ ነው ያስረዳኋት። ይህ ገንዘብ እንደ ጎተራ እህል ነው። እህሉ ያንቺው ነው፣ ማንም አይወስደውም። ግን ጎተራው ታሽጎ በየወሩ አንድ ቁና ብቻ ይወጣልሻል። ልጁ ጀርመን ሲገባ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀለት የቤት ኪራዩን፣ ምግቡንና የጤና መድኑን ይከፍላል። ቪዛው ቢከለከል የተከለከለበትን ደብዳቤ አቅርቦ ገንዘቡን ያስመልሳል። የሒሳቡ ማስከፈቻና የባንክ ክፍያ ብቻ ነው የሚቀርበት።

የግሉ ዩኒቨርሲቲ 1,000 ዩሮ ግን የወፍጮ ቤት ክፍያ ነው። ከፈልክ፣ አለቀ። የልጁን ደብዳቤ እስከ ታች ድረስ ስናነብ «ቅድመ ክፍያው በማንኛውም ሁኔታ አይመለስም» የሚል መስመር አገኘን። ቪዛ ቢከለከልም አይመለስም ማለት ነው። በደብዳቤው ሁለተኛ ገጽ፣ በትንሹ የተጻፈ ነበር። ልጁ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር ለቤተሰቡ ያሳየው። ክፉ አስቦ አይደለም። ደስታው አላስነበበውም።

ጀርመን ዘመድ ያለው ሰው በብሎክድ አካውንቱ ፈንታ ዘመዱ ወጪውን እንደሚሸፍን ለዚያው አገር መሥሪያ ቤት በሕግ የሚያስገድደው ፊርማ ሊፈርምለት ይችላል። ቀላል ውለታ አይደለም። ልጁ ራሱን መቻል ቢያቅተው መንግሥት ዕዳውን ከፈራሚው ላይ ይጠይቃል።

50 በመቶው ከምን ላይ ነው የሚቀነሰው?

አሁን ወደ ግሉ እንምጣ። የደብዳቤውን ቁጥሮች እንዳሉ ልጻፋቸው። ሙሉ የትምህርት ክፍያ በዓመት 9,000 ዩሮ ነው። በ50 በመቶው ቅናሽ 4,500 ይሆናል። ልጁ የእንግሊዝኛ ፈተና ስላልወሰደ መጀመሪያ አንድ ዓመት የቋንቋ መሰናዶ ይማራል። ይህ 4,000 ዩሮ ነው፣ ቅናሹም አይነካውም። ለምዝገባ፣ ለመድንና ለመኖሪያ ፈቃድ በዓመት 600 ዩሮ አለ። የዶርም 2,400 ነው። ምግብና መጓጓዣ ደብዳቤው ላይ የለም። እዚያው የሚማር አንድ የአገራችን ልጅ ጠይቀን በወር 200 ዩሮ፣ በዓመት 2,400 አልን።

ስንደምረው የመጀመሪያው ዓመት 9,400 ዩሮ ሆነ። ቀጣዮቹ አራት ዓመታት እያንዳንዳቸው 9,900። በድምሩ 49,000 ዩሮ። በያዝነው ምንዛሬ ከ8 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ነው። እህቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ደግማ ደመረችው። እሷም ጋ ያው መጣ።

ሌላም ነገር አለ። ቅናሹ የሚቀጥለው ልጁ የተወሰነ አማካይ ውጤት ከያዘ ብቻ ነው። የሚሰጠውም ለአራት ዓመት ነው። ኢንጂነሪንግ ውስጥ ካልኩለስ ወይም ዳይናሚክስ መድገም የተለመደ ነገር ነው። በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት የሚደገም ኮርስ በክሬዲት ሰዓት ይከፈልበታል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን መድገም ጊዜ ይወስዳል እንጂ በራሱ ክፍያ የለውም።

እነዚህን ደብዳቤዎች የሚያመጡ ኤጀንቶች ኮሚሽናቸውን የሚያገኙት ልጁ ሲመዘገብ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ሙሉውን ክፍያ የሚከፍል ተማሪ አለ ወይ?» ሁሉም ተማሪ 50 በመቶ ከተቀነሰለት የትምህርቱ እውነተኛ ዋጋ ግማሹ ነው። ስኮላርሺፕ የሚለው ቃል ዋጋ ማሳያ ብቻ ሆኗል ማለት ነው።

ታዲያ የጀርመኑ በድምሩ ይረክሳል?

እውነቱን ለመናገር ዝም ብሎ ሲደመር አይረክስም። ልጁ አንድ ዓመት መሰናዶና አራት ዓመት ባችለር ጀርመን ይቆያል እንበል። ባችለሩ በሕጉ 6 ወይም 7 ሴሚስተር ነው፤ ግን ብዙ ተማሪ አንድ ሁለት ሴሚስተር ይጨምራል። 5 ጊዜ 11,904 ሲባል 59,520 ዩሮ ይመጣል። ከግሉ በ10 ሺህ ዩሮ ይበልጣል! «ነጻ» የተባለው ማለት ነው።

ልዩነቱ ያለው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ላይ ነው። በጀርመን የውጭ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ይፈቀድለታል። ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከ2026 ጀምሮ 13 ዩሮ ከ90 ሳንቲም ነው። በሳምንት 10 ሰዓት ብቻ ቢሠራ በወር 600 ዩሮ ገደማ ያገኛል። ከዚያ በላይ መሥራት ሕጉ ይፈቅዳል። ቴርሞዳይናሚክስ ግን አይፈቅድም። ሥራ እያበዙ ፈተና የሚወድቁ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከ10 ሰዓት በላይ ባናስብ ይሻላል።

በዚህ ሒሳብ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ቤተሰቡ የሚሞላው በወር 392 ዩሮ፣ በዓመት 4,704 ዩሮ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት 11,904 እና የአራቱን ዓመት 18,816 ስንደምር ከቤተሰብ የሚወጣው 30,720 ዩሮ ይሆናል። ከግሉ በ18 ሺህ ዩሮ ያንሳል። የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ ልጁ በወር የሚኖርበት ገንዘብ እንዳለው እንደገና ይጠየቃል። ያን ጊዜ የሥራ ውሉና ደመወዙ ይቆጠርለታል።

የሚኖርበት ከተማም ትልቅ ነገር ነው። ኬምኒትስ፣ ማግደቡርግ ወይም ኢልሜናው ያሉ የምሥራቅ ጀርመን ከተሞች ጠንካራ የመንግሥት ኢንጂነሪንግ ትምህርት አላቸው። የአንድ ክፍል ኪራያቸው የሙኒክን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከ992 ዩሮው ትልቁን ቁራሽ የሚወስደው ኪራይ ስለሆነ ከተማ መምረጥ ማለት በጀት መምረጥ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የብር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ልጁን ሁለተኛ ዓመት ያደረሰ፣ በብር እያገኘ በዶላር የሚከፍል ወላጅ በአንድ ወር ውስጥ የልጁ ቀሪ ክፍያ እጥፍ ሊሆንበት ደረሰ። ትምህርቱን አቋርጦ ማምጣት ደግሞ እስካሁን የከፈለውን መጣል ነው። አብዛኛውን ወጪ እዚያው በዩሮ ሠርቶ የሚሸፍን ልጅ ከዚህ ድንጋጤ ይጠበቃል። በየዓመቱ 10 ሺህ ዩሮ ከቤት የሚጠብቅ ልጅ ግን አይጠበቅም። ለእኔ ትልቁ የክብደት ልዩነት ያለው እዚህ ነው።

የመንግሥቱ ቀዳዳ የት ላይ ነው?

ረከሰ ተብሎ ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም። የግሉ ዩኒቨርሲቲ በገንዘብ ያጣራል፣ የመንግሥቱ በፈተና ያጣራል።

የመጀመሪያው ወንፊት ቋንቋው ነው። በጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ማስተርስ ብዙ ነው። የኢንጂነሪንግ ባችለር ግን አብዛኛው በጀርመንኛ ነው። ጀርመንኛን ከዜሮ ጀምሮ ቢ1 ለሚባለው ደረጃ ለመድረስ የጎይቴ ኢንስቲትዩት የሚገምተው ከ350 እስከ 650 የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን ላለ ልጅ ይህ ማለት ወይ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መማር ነው፣ ወይ ኢንተርኔቱ እሺ ባለ ጊዜ በኦንላይን ነው። ይህ ወጪ ከላይ ካለው ስሌት ውስጥ የለም። የየራሳችሁን ጨምሩበት።

ሁለተኛው ሽቱድየንኮሌግ የሚባለው የአንድ ዓመት መሰናዶ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ ይዞ ለሚያመለክት ኢትዮጵያዊ መንገዱ በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው። ለኢንጂነሪንግ የሚሆነው ክፍል ቲ-ኩርስ ይባላል። ሒሳብ፣ ፊዚክስና ጀርመንኛ ይበዛበታል። ለመግባት ራሱ ፈተና አለው። የመንግሥቱ የትምህርት ክፍያ የለውም። የግልም አለ፣ እሱ ግን በሺህ የሚቆጠር ዩሮ ያስከፍላል። ስለዚህ ኤጀንት «ሽቱድየንኮሌግ ገብተሃል» ሲል የመንግሥት ይሁን የግል ማጣራት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ፈተና ከተወደቀ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገማል። ሁለተኛ ከወደቀ በዚያ መንገድ ዩኒቨርሲቲ መግባት የለም።

ሦስተኛው ከገቡ በኋላ ነው። በአብዛኛው የጀርመን ዩኒቨርሲቲ አንድን የግዴታ ኮርስ መፈተን የሚቻለው ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ላይ የወደቀ ተማሪ ከትምህርት ክፍሉ ይወጣል። ያንኑ የትምህርት ዓይነት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲም መቀጠል አይችልም። በኢንጂነሪንግ ከሦስት ተማሪ አንዱ ገደማ ባችለሩን ሳይጨርስ ይወጣል ይባላል። መምህሩ ስም አይጠራም፣ አቴንዳንስ አይዝም፣ «ለምን ቀረህ» የሚል የለም። ሴሚስተሩ ያልቅና አንድ ፈተና ይመጣል። ከዚህ አገር ክትትል ለምዶ የሄደ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ውድ የሆነ የግል ሁሉ ለድሃ ልጅ ዝግ ነው?

አይደለም። ይህንን ሳልናገር ባልፍ አንድ ጎበዝ ልጅ ላይ በር መዝጋት ይሆንብኛል። አሜሪካ ውስጥ በጣም ውድ ከሆኑት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂቶቹ፣ ለምሳሌ ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድና ፕሪንስተን፣ የውጭ ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አያዩም። ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ የማይችለውን በሙሉ እነሱ ይሸፍናሉ። የኤምአይቲ የትምህርት ክፍያ ብቻ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ100 ሺህ ዶላር በታች የሆነ ተማሪ ግን በአብዛኛው ምግብና ዶርሙን ጨምሮ ምንም አይከፍልም።

ይህ ከ50 በመቶው ደብዳቤ ጋር በስም ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው። አንዱ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ሌላው ከአንተ አቅም ተነስቶ ቀሪውን ይሞላል። ለዚህ ነው በወረቀት በጣም ውድ የሆነው ትምህርት ቤት ለመንዝ ገበሬ ልጅ ከሁሉ የሚረክሰው። ግን ከ100 የውጭ አመልካች 3 እንኳ አይገቡም። ስለዚህ ይሞከር። የቤተሰብ ቤት የሚሸጥበት ዕቅድ ግን አይሆንም።

ዲግሪው እዚህ ይሠራል ወይ?

ገንዘብ ከመላኩ በፊት ሁለት ቦታ መጠየቅ ይበቃል። አንደኛው አዲስ አበባ ያለው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከውጭ የመጣን ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው እሱ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ሙሉ ስምና አገሩን ይዞ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው anabin.kmk.org የተባለው የጀርመን መረጃ ቋት ነው። ጀርመን ባይሄዱም ይጠቅማል። በዓለም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ይዘረዝራል። ከስሙ አጠገብ H+ ካለ ጀርመን ያውቀዋል ማለት ነው። H- ካለ አያውቀውም።

በተለይ ከቆጵሮስ የሚመጣ ደብዳቤ ላይ አድራሻው ሰሜኑ ይሁን ደቡቡ ይታይ። ሰሜን ቆጵሮስን እንደ አገር የሚያውቃት ቱርክ ብቻ ናት። ትምህርቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ዲግሪውን ሌላ አገር ይዞ ሲኬድ ጥያቄ ይነሳል። ያን ጥያቄ ከመክፈል በፊት መስማት ይሻላል።

ከሁለቱ ውጭ መንገድ የለም?

አለ። እህቴ ቤት ያን ማታ ከሁሉ ዘግይቶ የተነሳው ሐሳብም ይህ ነው። ባችለሩን እዚሁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ለማስተርስ መሄድ።

እዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት ነው። ከመግቢያው ላይ የሚከፈል ትልቅ ገንዘብ የለም። ተማሪው ይፈርምና ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጥበታል። ከዚያ በኋላ ጀርመን ለማስተርስ ሲያመለክት ሽቱድየንኮሌግ አይጠየቅም። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት መምረጥ ይችላል። የሚቆየውም ሁለት ዓመት ነው። ለሁለት ዓመት 11,904 እና 4,704 ስንደምር 16,608 ዩሮ ይሆናል። የግሉ ዩኒቨርሲቲ 49,000 ሲሶ ገደማ ነው። ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ከሚሰጠው ስኮላርሺፕም ለማስተርስና ከዚያ በላይ የሚሆነው ይበዛል።

ጉዳቱ ጊዜው ነው። እዚህ ኢንጂነሪንግ 5 ዓመት ነው፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም ካሌንደሩ ሲዛባ ይረዝማል። ቤተ ሙከራውም በየቦታው እኩል አይደለም። ይህን ልጁ ራሱ አነሳው። «አጎቴ፣ ላቦራቶሪ ሳላይ ኢንጂነር ልሆን ነው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ማስተርስ ሲገባ የሚጎድለውን እዚያ እየሞላ ነው የሚሄደው፣ አንዳንዴም ዩኒቨርሲቲው የባችለር ኮርሶች ጨምሮ እንዲወስድ ይጠይቀዋል። ሌላው ማወቅ ያለበት ነገር እዚህ የሚያመጣው አማካይ ውጤት ነው። የጀርመን የማስተርስ ቅበላ ብዙ ጊዜ የባችለር ውጤትን ወደ ራሱ መለኪያ ቀይሮ ነው የሚያየው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱ ራሱ ይቆጠርበታል።

ሌላም ጥቅም አለው። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረ ልጅ አናቢን ላይ ባለው የአገሩ መመሪያ መሠረት ሽቱድየንኮሌግ ሳይገባ በዚያው ሙያ ባችለር ሊቀጥል የሚችልበት አጋጣሚ ሊኖር ይችላል። ዩኒቨርሲቲውንና ያለፈበትን ዓመት እያዩ ነው የሚወስኑት። ማመልከቻው በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ዩኒ-አሲስት በሚባል ማዕከል በኩል ያልፋል። የመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ነው። ሦስት ቦታ ማመልከት 135 ዩሮ ይፈጃል። ቢቀር የሚቀረው ይህ ነው።

የ3 ሳምንቱ ቀነ ገደብ ቤታችን ውስጥ በዝምታ አለፈ። ከዚያ በኋላ ኤጀንቱ ደውሎ ቅናሹ 60 በመቶ መሆኑን ነገራቸው። እህቴ ስልኩን ስትዘጋ «ለካ ዋጋው ይደራደራል» አለች። ልጁ አሁን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን እየጨረሰ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀርመንኛ በኦንላይን ይማራል። የቤቱ ኪራይ በየወሩ ሲመጣ እናቱ ግማሹን ለብቻ ታስቀምጣለች። ያቺ የደመርንባት ወረቀት ቡፌው መስታወት ላይ ተለጥፋለች። 11,904 የሚለው ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ከሥሩ እስካሁን የተጠራቀመውን በየወሩ እያጠፋች ትጽፋለች።